ራስጌም ግርጌም የሌለው

አይ ዘመን! ከእኔ ጋር የሸበታችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰክታችሁ መነጽር ፍለጋ ቤት የምታምሱ ወገኖቼ፣ እስኪ እናንተው ፍረዱኝ። ያልተቆረጠ ምን ቀረ? ዳቦው ተቆርጦ ተቆርጦ ጉርሻ አከለ። ሰላምታው ተቆርጦ «ሰላም ነው?» ብቻ ቀረ። ዱሮ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የጎረቤቱ ምጥ ሳይቀር ይጠየቅና ዋናው ጉዳይ የሚነሳው ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ነበር። ሱሪው ከጉልበቱ ተቀዶ ከደህናው ሱሪ በላይ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አሁን ግን የማይቻለው መጣ። ወረቀትን ከራስጌውና ከግርጌው ቆርጦ፣ መሐሉን ብቻ በስልክ ልኮ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ማለት!

ስክሪንሾት ይሉታል። ስልኩ ላይ የሚታየውን እንዳለ ፎቶ ማንሳት ነው አሉ። እንዳለ ቢሆንማ ማን ይጠላ ነበር? ካነሱት በኋላ በጣታቸው ከግራ ይገፉታል፣ ከቀኝ ይገፉታል፣ ከላይ ይጫኑታል። በመጨረሻ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ልቡ ብቻ ይቀራል። ያንን ልብ ለእኔ ይልኩልኛል፤ ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ነበር ብለው ይጠይቁኛል።

በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ሙሉ ነበር። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል» ተብሎ ይጀመራል፣ ቀኑና ቦታው ከላይ፣ ስምና ፊርማ ከታች። ቴሌግራምም እኮ ያኔ ነበረ! የዛሬው ስሙን ነው የወረሰው። የእኛ ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር ነበርና አንድም ትርፍ ቃል አይገባበትም። እኔ ራሴ ከሥራ ቦታዬ ለወላጆቼ «ታምሜ ነበር አሁን ግን ድኛለሁ አትምጡ» ለማለት ፈልጌ፣ ሳንቲም ለማትረፍ «ታምሜ ነበር አሁን ግን ድኛለሁ» የሚለውን አወጣሁና «አትምጡ» ብቻ ላክሁ። አባቴ ምን ጉድ ቢደበቅብኝ ነው ብለው፣ ስድስት ዘመድ አስከትለው በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ ደረሱ። ያኔ ሰው እንዲህ ይተሳሰብ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ስልክ የማዘወትር ሰው አይደለሁም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የቤተሰቡን ግሩፕ እያየሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ከስቶክሆልም አንድ ሥዕል ላከች። እናቷ፣ ማለትም ታናሽ እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ልጅቷ ገንዘብ ልካላት ሙሉ ምርመራ አድርጋ ነበር፤ ውጤቱም በስልክ ለልጅቷ ደረሰ። ሥዕሉ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ በቀይ የተጻፈ 5.8፣ አጠገቡ H የምትል ፊደል፣ ከፊደሏም ጎን አንዲት ኮከብ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ያስጋል?» ይላል። በቃ።

እኔ መልስ ከመጻፌ በፊት ግሩፑ ሥራውን ጀመረ። አንዱ «ስኳር ነው፣ የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው» አለ። ሌላዋ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ትጠጣ» አለች። አንዱ ደግሞ ምንነቱን ሳይጠይቅ «ሙዝ በብዛት ትብላ፣ ሙዝ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ አዘዘ። አንዲት አክስት ከጸሎት ጋር ጥቁር አዝሙድ ላከች። በስድስት ደቂቃ ውስጥ እህቴ አራት በሽታና አምስት መድኃኒት ነበራት። እሷ ግን ያኔ እንቅልፏን ተኝታለች።

እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ የሠራሁ ሰው ነኝ። እንደነሱ ዘልዬ አልመልስም። በእርግጥ መጀመሪያ ላይ «ጣፋጭ ይቅርባት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይሄ ግን ምክር እንጂ መልስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው መነጽሬን አድርጌ ሥዕሉን በትክክል ያየሁት።

ስሙኝማ። የተቆረጠ ሥዕል ሲመጣላችሁ መሐሉን ተዉትና ጠርዙን እዩ። ቢላዋ ያለፈበት ቦታ ቁስል ይተዋል። የግራው ጠርዝ ላይ የሆነ ፊደል ጅራት ቀርቷል። የምርመራው ስም እዚያ ነበር ማለት ነው፤ ስሙ ከሌለ ቁጥሩ የምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የቀኙ ጠርዝ ላይ አንዲት የቆመች መስመር ትታያለች። የሰንጠረዥ መስመር ናት፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ ዓምድ አለ። H የምትለው ፊደል «ከፍ ብሏል» ማለቷ ነው። ከምን? ከጤነኛው ልክ፣ ባለሙያዎቹ ኖርማል ሬንጅ ከሚሉት። እንግዲህ ልኩ የሆነ ቦታ ተጽፏል፤ ሥዕሉ ላይ ግን የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮከቧ! ቁጥር አጠገብ ያለች ኮከብ ለጌጥ አትቀመጥም። «ወደ ግርጌ ውረድ፣ እዚያ የምነግርህ አለኝ» ትላለች። የእህቴ ልጅ ኮከቧን ልካ ግርጌውን አስቀርታለች። ኮከብ ቆጣሪ አደረገችኝ እኮ!

እስኪ አሁን ከእኔ ጋር 5.8ን እንመርምር፤ ስሙ የጠፋ እንግዳ ደጃችሁ ላይ ቆሟል እንበል።

ስኳር ነው ያለው ዘመዳችን ልክ ሊሆን ይችላል ወይ? እዚህ አገር የደም ስኳር የሚጻፈው በmg/dL ነው። የጤነኛ ሰው ጾም ያደረ ደም ከ100 በታች፣ ሰባና ሰማንያ ዘጠናም ይላል። በዚህ ልኬት 5.8 ስኳር ያለው ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቅ ነው እንጂ ከምርመራ በእግሩ ወጥቶ ሽሮ ሠርቶ የሚተኛ አይደለም። ደግሞም H ሳይሆን የዝቅታው ምልክት ነበር የሚደረግበት። ልጅቷ ያለችበት ስዊድን ግን ስኳርን በmmol/L ነው የሚለኩት። በእነሱ 5.8ን በ18 ስታባዙት በእኛ 104 ገደማ ይመጣል። ጾም ላደረ ሰው ከልኩ ጥቂት ያለፈ ነው። ልጅቷ እዚያ የለመደችው ልኬት ይሄ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ያው ነው፤ አንዱ አገር ለሞት የቀረበ፣ ሌላው አገር ትንሽ ከፍ ያለ። ልዩነቱ ያለው በተቆረጠው በዩኒቱ ዓምድ ውስጥ ነው።

ዩሪክ አሲድ፣ ማለትም ሪህ ሲጠረጠር የሚታየው፣ ቢሆንስ? 5.8 ለሴት እንኳ በአብዛኛው ልክ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ H አይጻፍበትም። እሱን ሸኘነው።

HbA1c ቢሆንስ? ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው፤ በመቶኛ ይጻፋል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ወደ ስኳር በሽታ እያዘነበለ ያለ ሰው ነው ይባላል። 5.8 እዚህ ይገባል፣ H ሊጻፍበትም ይችላል። ይሄ ከሆነ ጭንቀት የለም፤ እህቴ ስትነሳ ነገ ይነገራታል፣ ሻይዋ ላይ የምትጨምረው ስኳር ከአራት ማንኪያ ይቀነሳል፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ ከወራት በኋላ ይደገማል።

ፖታሲየም ቢሆንስ? እዚህ ጋ ነው እኔን ብርድ ልብሴን ያስጣለኝ። የፖታሲየም ልክ ከ3.5 እስከ 5 ጥቂት አለፍ ያለ ነው። 5.8 ከፍ ያለ ነው፣ H ይጻፍበታል። ፖታሲየም ደግሞ ከልብ ምት ጋር የሚነካካ ነገር ነው። 6ን እያለፈ ሲሄድ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ይሄ ከሆነ ወራት መጠበቅ የለም፤ ነገሩ የሰዓታት ነው። የሙዙ ሐኪም ያዘዘው ሙዝ ደግሞ ፖታሲየም ከሞላባቸው ምግቦች አንዱ ነው!

አያችሁልኝ? አንድ 5.8። በአንደኛው ስም «እንደተኛች ትደር»፣ በሌላኛው ስም «ተነሺ እስኪ፣ እንዴት ነሽ?» የሚያሰኝ። በሁለቱ መካከል የቆመው የተቆረጠው የግራ ዓምድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ግማሹን አይቼ ግማሹን በግምት ብሞላው፣ ግምቴ ጥሩ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዕድለኛ ነኝ እንጂ ዐዋቂ አይደለሁም።

ደወልኩላት። በኢንተርኔት ነው የሚደወለው፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ነው። «ልጄ፣ የምርመራው ስም የት አለ? ዩኒቱስ? ግርጌው የት ሄደ?»

«ጋሼ፣ ሌላው ደህና ነው፤ ቀዩን ብቻ ቆርጬ ላክሁልህ። ዓይንህ እንዳይደክም ብዬ ነው።»

ይኸውላችሁ፣ ወገኖቼ! ቸርነት ነው የጎዳን። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ ያሳደግኋት ናት። ግን እስኪ አስቡት፦ የትኛው እንደሚያስፈልግ ብታውቅማ አትጠይቀኝም ነበር። የማያውቀው ሰው ነው መቀሱን የያዘው። አስፈላጊ የመሰለውን ያስቀርና ያልመሰለውን ይጥላል፤ የሚጥለውም ሁልጊዜ ያልገባውን ነው። መልሱ ያለው ደግሞ እዚያው ባልገባው ውስጥ ነው። ቀዩ ቀለም ዓይኗን ያዘው፤ በጥቁር የተጻፈው «ደህና ነው» ተብሎ ተጣለ።

«ሙሉውን ላኪ» አልኳት። «ሥዕል ሳይሆን ፋይሉን፣ እንደመጣልሽ። ግሩፑ ላይ አይደለም፤ ለእኔ ብቻ። ግሩፑ ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ስሟና የካርድ ቁጥሯ ይቆረጥ፣ እሱ መቆረጥ ያለበት ነው። ዕድሜዋና ጾታዋ፣ ቀኑ፣ የምርመራው ስም፣ ዩኒቱና ልኩ፣ ግርጌው ግን አይነካ።»

ፋይሉን መላክ አልሆነላትም፤ አንድ ረጅም ስክሪንሾት ላከች። ከፈትኩት። ቆርጣዋለች! ከላይም ከታችም! ከላብራቶሪው ስም ጀምሮ የለም። ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ብዬ ነው የነገርኩሽ?» ብዬ በድምፅ ላክሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ዘመኑ ልጆች፣ ስለ ትዕግሥት ማጣት፣ ስለ መስማት አለመቻል ነገርኳት። ድምፄን ሰምቶ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ ከመኝታው ተነሥቶ መጣ። ስልኩን ከእጄ ወሰደና ሥዕሉን አንዴ በጣቱ ነካው። ሙሉው ወረቀት ተዘረጋ። ለካ ረጅም ሥዕል ሲሆን ስልኩ ውይይቱ ውስጥ መሐሉን ብቻ ያሳያል፤ ካልነኩት አይገለጥም። እንግዲህ ስልኩ ነው የቆረጠው። ይህንን ስልክ የሠራ ሰው ምን ነበር የሚያስበው? የድምፁን መልእክት ማጥፋት ይቻላል አለኝ ልጁ። አላጠፋሁትም፤ ትምህርት ይሆናታል።

ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ሲገለጥ፣ ምን ልበላችሁ፣ የጠፋ ዘመድ በር ላይ እንደማየት ነው። የእህቴ ዕድሜ 64፣ ቀኑ ትክክል፣ የምርመራው ስም በግራ። ፖታሲየም ነበር። ልቤ ቀጥ አለች። ወዲያው ግን ዓይኔ ኮከቧን ተከትሎ ወደ ግርጌ ወረደ፤ እዚያ በትንንሽ ፊደል ደሙ ሄሞላይዝድ እንደነበረና ምርመራው እንዲደገም ተጽፏል። አያችሁ? ላብራቶሪው ከነምክሩ ተናግሮ ጨርሷል። የተናገረበትን ቦታ ነው ልጅቷ የቆረጠችው።

ሄሞላይዝድ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ደም ላይ ያለው ፖታሲየም በብዛት የሚኖረው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ዙሪያቸው ካለው ፈሳሽ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። እኛ የምንለካው ግን የውጭውን ፈሳሽ ነው። ሴሎቹ ከተፈረካከሱ የውስጡ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ቁጥሩም ይዘላል። እህቴ ሰውነት ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሚፈረካከሱት ለምንድን ነው? በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፤ ከሲሪንጁ ወደ ቱቦው በጉልበት ሲገፋ፤ ቱቦው ሲናጥ። የእህቴ ደም የተቀዳው ደብረ ብርሃን፣ የተመረመረው አዲስ አበባ ነው። ሴንትሪፊውጅ ላይ ዞሮ ፈሳሹ ሳይለይ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ በመኪና ተንገላቷል። እኔ እንኳ በዚያ መንገድ ስመጣ ወገቤ ሄሞላይዝድ ሆኖ ነው የምደርሰው።

ደሙ ሲሽከረከርና ፈሳሹ ከላይ ሲለይ ገለባ መሰል ቢጫ መሆን አለበት። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሴሎቹ ተሰብረዋል ማለት ነው። ይህንን ያየው ቱቦውን የያዘው ባለሙያ ብቻ ነው። ያየውንም የጻፈው እዚያ ግርጌ ላይ ነው። ስቶክሆልም ያለችው ልጅ ቱቦውን አላየች፣ እኔም አላየሁ፤ ዓይናችን ያቺ ትንሽ መስመር ነበረች።

ሌሎቹንም መስመሮች አየሁ፤ ቁጥር በጎረቤቱ ይታወቃልና። የኩላሊቱ፣ ክሬአቲኒን የሚባለው፣ 0.8 ነው፤ ደህና። ኩላሊት ቢደክም ኖሮ ፖታሲየም በእውነት ሊከማች ይችል ነበር። ካልሲየሙም ደህና ነው። ይሄን ለምን አየህ ትሉኝ ይሆናል። ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ፖታሲየም ያለበት መድኃኒት አለ። የቸኮለ ሰው ከዚያ ቱቦ ወደ ሌላው ትንሽ ከገለበጠ ፖታሲየሙ ይዘላል፣ ካልሲየሙ ግን ይወድቃል፤ ፈሳሹም ቀይ ስለማይሆን በዓይን አይያዝም። የካልሲየሙ መስመር ባትኖር ይህንን ማወቅ አይቻልም ነበር። ልጅቷ «ሌላው ደህና ነው» ብላ የጣለችው፣ ደህና መሆኑ ራሱ ነው ምስክሩ!

ያኔ በእኛ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ፖታሲየምን የምንለካው በእሳት ነበር፤ ፍሌም ፎቶሜትር ይባላል። ፈሳሹ በእሳቱ ላይ ይረጫል፣ ሶዲየም ወርቃማ ቢጫ፣ ፖታሲየም ወይን ጠጅ መሰል ብርሃን ይሰጣል፣ መሣሪያው የብርሃኑን ልክ ያነብባል። ሥራ ማለት ያ ነው! ዛሬ ማሽኑ በኤሌክትሮድ ለክቶ ራሱ ያትማል። እኛ በእጃችን እንጽፍ ነበር። ወረቀት ውድ ስለነበር አንዱን ገጽ በመቀስ ለአራት ቆርጠን፣ ቁራጯ ላይ «ፖታሲየም 4.2» ብለን እንልካለን። ዩኒት አንጽፍም፣ ልኩንም አንጽፍም። ሐኪሙ ያውቀዋላ! ካላወቀ ኮሪደሩን አቋርጦ መጥቶ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ በቀን አሥር ጊዜ ይመጣ ነበር። እንዴት ያለ መቀራረብ ነበር!

እንግዲህ ምን ብዬ መለስኩላት? «ምንም አይደለም፣ ቱቦው ነው» ብዬ ልተኛ? አልተኛሁም። ግርጌው ውጤቱ አይታመንም አለ እንጂ ፖታሲየሟ ደህና ነው አላለም። በተሰበረው ደም ውስጥ እውነተኛ ከፍታም ተደብቆ ሊኖር ይችላል። እህቴ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ኤናላፕሪል ትወስዳለች፤ ይህ መድኃኒት ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ሙሉ ወረቀትም ሙሉ ሰው አይደለም። ስለዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እህቴን ቀሰቀስኳት።

«ልብሽ ይመታል? ጡንቻሽ ይዝላል? ያጥወለውልሻል?»

«ደህና ተኝቼ ነበር» አለችኝ። «ልቤ የመታው አሁን አንተ ስትደውል ነው።»

ምልክት ቢኖራት ኖሮ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል፣ የልብ ምቷም በኢሲጂ ይታይ ነበር። ስለሌለ «ጠዋት በማለዳ ሄደሽ ይደገም፤ ለሐኪሙም ኤናላፕሪል እንደምትወስጂ ንገሪ፣ መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ» አልኳት። ደም ስትሰጥ እጇን እንዳትጨብጥና እንዳትዘረጋ ነገርኳት። ክንድ ታስሮ ጡጫ ሲጨበጥና ሲዘረጋ ፖታሲየም ከጡንቻ ይወጣል፤ ሴል ሳይሰበርም ቁጥሩን ያሳስታል። ማሠሪያው ብዙ እንዳይቆይ፣ ደሙም እዚያው ከተማ እንዲመረመር። እሷ ደግሞ «እሺ» ስትል እሺ ማለቷ ይሁን ስልኩን መዝጋቷ አይታወቅም።

ጠዋት ሄደች። ተደገመ። 4.4፣ ኮከብ የለ፣ H የለ። ሐኪሙም በመድኃኒቷ እንድትቀጥልና የተለመደ ክትትሏን እንዳትተው ነገራት። ተመስገን።

ማታ እህቴ ወረቀቱን ለሚመጣ ዘመድ ሰጥታ አስላከችልኝ። እኔም ለግሩፑ ማሳወቅ አለብኝ አልኩ፤ ሙዙም፣ ቀይ ሥሩም፣ አዝሙዱም አንድ ፍጻሜ ይፈልጋል። የልጅ ልጄን ጠርቼ ፎቶ አስነሳሁት። ወረቀቱ ረጅም ነው፤ ሰው በትንሽ ፊደል እንዳይደክም ብዬ ቁጥሯ ጎልታ እንድትታይ ቀረብ ብሎ እንዲያነሳት ነገርኩት። በጣቱም ከዳር ከዳር አስተካከለልኝ፤ የማይረባው ወጣና ላክሁት። 4.4። ከሥሩ «ተመስገን፣ ወረደ» ብዬ ጻፍሁበት።

አንድ ደቂቃ አልሞላም። የስኳሩ ዘመዳችን «እሰይ! ስኳሩ ወረደላት» አለ። የሙዙም ሐኪም «ነግሬያችሁ ነበር፣ ሙዝ እኮ መድኃኒት ነው» ብሎ ተከተለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከስቶክሆልም «ጋሼ፣ ይሄ የምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወገኖቼ፣ እንደነዚህ ካሉ ሰዎች ጋር ምን ይባላል? ግልጽ አድርጌ ቁጥሩን አጉልቼ ልኬላቸው እያለ እንኳ አይገባቸውም። ማስተዋል የሚባል ነገር ከእኛ ጋር ጡረታ ወጣ።